ከ«ማደራጀት» ወደ «አደራጅቻለሁ»

«በቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን።» ይህችን መስመር የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስልም። በየሥራ መዘርዝሩ የመጨረሻ ተራ ቁጥር ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። ቦታዋ ላይ ሳለች ጥፋት የለባትም፤ ኃላፊው ያልተጠበቀ ሥራ ሲመጣበት የሚያዝበትን በር ትከፍትለታለች። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ተገልብጣ ወደ ሥራ ፈላጊው ሲቪ ስትገባ ነው። እዚያ ስትደርስ ስለ ሰውየው የምትናገረው አንድም ነገር የላትም።

ጀማሪ የቢሮ ሠራተኛ ሲቪ ሊጽፍ ሲቀመጥ በእጁ የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንዱ ሲቀጠር የተሰጠው የሥራ መዘርዝር ነው፤ ሌላው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ራስጌ ያለው የሥራ ልምድ ማስረጃ። ሁለቱም ምን እንዳከናወነ አይናገሩም። መዘርዝሩ የተጻፈው ሠራተኛው ከመቀጠሩ በፊት ስለሆነ ሊናገር አይችልም። የሥራ ልምዱን ማስረጃ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲሰጥ ሲያስገድድ፣ እንዲገልጽ የሚጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን ነው። ሠራተኛው ሥራውን እንዴት እንደሠራው ግን ሕጉ አይጠይቅም፤ ደብዳቤ አርቃቂውም አይጨምርም። ስለዚህ ያንን ክፍተት የሚሞላው ሲቪው ብቻ ነው። ሲቪውም ከመዘርዝሩ ከተገለበጠ፣ አንድ ዓይነት መደብ ላይ የሠሩ መቶ አመልካቾች አንድ ዓይነት ወረቀት ያቀርባሉ።

ሲቪ አዘገጃጀት የሚያስተምሩ ሰዎች «እያንዳንዱን መስመር በጠንካራ ግስ ጀምሩ» ይላሉ። ምክሩ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛም በትክክል ይሠራል። የእንግሊዝኛው ሲቪ «እኔ» የሚለውን ባለቤት ይጥልና በቀጥታ በግሱ ይገባል። «ሪስፖንሲብል ፎር» ብሎ የሚጀምር መስመር ኃላፊነት መኖሩን ብቻ ሲነግር፣ «ሪኮርድድ» ወይም «ሜርጅድ» ብሎ የሚጀምረው አንድ ሰው አንድ ነገር እንደፈጸመ ይመሰክራል።

አማርኛ ግን ግሱን ለመጨረሻ ያቆየዋል። «አዋሕጃለሁ 46 ፋይሎችን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዘፈን የጀመረ ይመስላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ ባንኮችና የውጭ ድርጅቶች ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲቪ ስለሚቀበሉ፣ አንድ አመልካች ሁለቱንም ማዘጋጀት ሊኖርበት ይችላል። ታዲያ ምክሩ በአማርኛ ምን ይሆናል?

መልሱ የግሱ ቦታ ላይ ሳይሆን የግሱ መልክ ላይ ነው። የአማርኛ የሥራ መዘርዝር በ«መ» እና በ«ማ» በሚጀምሩ ቃላት የተሞላ ነው፦ መመዝገብ፣ ማደራጀት፣ ማስተናገድ፣ ማከናወን። እነዚህ ቃላት ባለቤትም ጊዜም የላቸውም። «ፋይል ማደራጀት» ሲባል ማን እንዳደራጀ፣ መቼ እንዳደራጀ፣ ጭራሹንም ተደራጅቶ እንደሆነ አይታወቅም፤ መደረግ ያለበትን ብቻ ያመለክታል። «አደራጅቻለሁ» ሲባል ግን አድራጊውም የድርጊቱ መፈጸምም እዚያው ቃል ውስጥ ይገባሉ። የበለጠ የሚጠቅመው ደግሞ ቃሉ የሚያስከትለው ጥያቄ ነው። «ማደራጀት» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ «አደራጅቻለሁ» ያለ ሰው ግን ምኑን፣ ስንቱን፣ ከዚያስ ምን ተለወጠ ተብሎ ይጠየቃል። መስመሩን ከተግባር ዝርዝር ወደ ውጤት የሚያሻግረው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀርም የመስመሩን መጀመሪያ ቁጥሩ ወይም የተለወጠው ነገር ይይዘዋል። «በመሥሪያ ቤቱ በነበረኝ ቆይታ» የሚለው መግቢያ ያንን ውድ ቦታ በከንቱ ይወስዳል።

ይህን በተግባር ለማየት አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛን በምሳሌነት እንውሰድ። ከሺህ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ አሁን አንድ ባንክ ባወጣው የጀማሪ የቢሮ ሠራተኛ መደብ ላይ ልታመለክት ነው። ሲቪዋ ላይ የጻፈቻቸው አራት መስመሮች ብዙዎች የሚያውቋቸው ናቸው። የገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን መመዝገብ። የሠራተኞችን የግል ማኅደር ማደራጀት። ባለጉዳዮችን ማስተናገድ። አራተኛዋ ያቺው «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» ነች።

የመጀመሪያው መስመር ቀላሉ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ በየቀኑ ከምትገልጠው መዝገብ ውስጥ አለ። በመሥሪያ ቤቷ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ተራ ቁጥር ሐምሌ 1 ቀን ከአንድ ይጀምርና እስከ ሰኔ 30 ይቀጥላል። የ2016 በጀት ዓመት መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ተራ ቁጥር 7,812 ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሲወጡ የሥራ ቀኑ ወደ 250 ይጠጋል፤ በቀን በአማካይ 31 ደብዳቤ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለማግኘት የፈጀባት ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ይሁንና ቁጥሩ ብዛትን እንጂ ጥራትን አያሳይም። ብዙ ደብዳቤ መዝግቦ ጠረጴዛ ላይ ማሳደርም ይቻላልና። ስለዚህ ሁለተኛ መዝገብ ታወጣለች፤ ክፍሎቹ ደብዳቤያቸውን ሲረከቡ ቀኑን ጽፈው የሚፈርሙበትን። ከዓመቱ ውስጥ አራት ሳምንታትን፣ ከየሩብ ዓመቱ አንድ አንድ አድርጋ ትመርጥና ደብዳቤው የገባበትን ቀንና ክፍሉ የፈረመበትን ቀን ታስተያያለች። በእነዚያ 20 የሥራ ቀናት ከገቡት 620 ደብዳቤዎች 598ቱ በገቡበት ዕለት ተረክበዋል፤ የቀሩት 22 በማግሥቱ። «ሁሉንም በዕለቱ» ብላ ልትጽፍ ኖሯል፤ መዝገቡ ግን አይፈቅድላትም። የተስተካከለው መስመር ይህ ሆነ፦ «በ2016 በጀት ዓመት 7,812 ገቢ ደብዳቤዎችን (በቀን በአማካይ 31) መዝግቤ፣ አብዛኞቹን በገቡበት ዕለት ለየክፍሉ አስረክቤአለሁ።»

«አብዛኞቹን» የምትለው ቃል መስመሩን ያደከመች ሊመስል ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያቆመው ግን እሷው ነች። «እንዴት አወቅሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የአራት ሳምንቱን ናሙና ትናገራለች። ያ መልስ ራሱ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊኖረው የሚገባውን ጥንቃቄ ያሳያል።

ሁለተኛው መስመር ውስጥ ያለው ታሪክ ደግሞ ከቁጥር በላይ ነው፤ የሚያሳዝነውም እሷ ራሷ እንደ ሥራ ያልቆጠረችው መሆኑ ነው። ስትቀጠር የሠራተኞቹ ማኅደር በስም በፊደል ተራ ነበር የተደረደረው። አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ስም በብዙ ዓይነት ይጻፋል። ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለስላሴ፣ ሐይለ ስላሴ። ዓለሙና አለሙ። ፀሐይና ጸሐይ። የቅጥር ደብዳቤውን የጻፈው ሰው በ«ኃ» ከጻፈ፣ የዕድገት ደብዳቤውን የጻፈው ደግሞ በ«ሀ» ከጻፈ፣ ማኅደር አስቀማጩ በሁለተኛው ፊደል ሥር ፈልጎ ሲያጣ አዲስ ማኅደር ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ያ ሠራተኛ ግማሽ ታሪኩ በአንዱ መደርደሪያ፣ ግማሹ በሌላው ይቀመጣል። የዓመት ፈቃዱ ሲሰላም ሆነ የጡረታ ጉዳዩ ሲታይ አንደኛው ግማሽ አይገኝም።

ይህንን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። የፔይሮሉ ዝርዝር ላይ 1,294 ስሞች አሉ፤ በሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች በተለየው መደርደሪያ ላይ ያሉት ማኅደሮች ደግሞ 1,340። የ46ቱን ልዩነት ለማወቅ እያንዳንዱን ማኅደር ከመታወቂያ ቁጥር ጋር አስተያየች። 46 ሠራተኞች ሁለት ሁለት ማኅደር ተከፍቶላቸው ተገኙ። ወረቀቶቻቸውን በቀን ቅደም ተከተል አንድ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ችግሩ እንዳይመለስ መደርደሪያውን ከስም ወደ መታወቂያ ቁጥር ቀይራ፣ በስም ለሚፈልግ ሰው መፈለጊያ የሚሆን ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጀች።

ይህ ሁሉ ሲቪዋ ላይ የተጻፈው «የሠራተኞችን የግል ማኅደር ማደራጀት» ተብሎ ነበር!

አሁን መስመሩ ሁለት ሆኗል። «በስም አጻጻፍ ልዩነት ሁለት ሁለት ማኅደር የተከፈተላቸውን 46 ሠራተኞች ከፔይሮል ጋር በማመሳከር ለይቼ፣ ሰነዶቻቸውን አዋሕጃለሁ።» ቀጥሎም «የ1,294 ሠራተኞችን ማኅደር ከስም ተራ ወደ መታወቂያ ቁጥር ተራ አዛውሬ፣ የኤክሴል መፈለጊያ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ።» እዚህ ላይ የግሶቹ ምርጫ ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። «አደራጅቻለሁ» ለሁለቱም ይሆን ነበር፤ ግን ሰፊ ነው። «ለየ»፣ «አዋሐደ»፣ «አዛወረ» የሚሉት ግን እያንዳንዳቸው እጅ ምን እንደሠራ ያሳያሉ። ጠንካራ ግስ ሲባል ጮክ ያለ ቃል ለማለት አይደለም፤ ሲነበብ ድርጊቱ ዓይን ላይ የሚታይ ቃል ነው።

አንድ ቁጥር ግን ሆን ብላ ትታለች። ጓደኛዋ «ፋይል ፍለጋን በ60 በመቶ ቀንሻለሁ በይ» ብሏት ነበር። ማኅደር ለማግኘት ድሮ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማንም አልለካም፤ አሁንም አልተለካም። ያልተለካ ነገር በመቶኛ ሲጻፍ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ቁጥር ከወደቀ ደግሞ የቀሩት እውነተኞቹም ይጠረጠራሉ። ከበፊቱና ከአሁኑ ልኬት የሌለው ሰው መቶኛን ትቶ ቆጠራን ቢይዝ ይሻለዋል።

ሦስተኛው፣ «ባለጉዳዮችን ማስተናገድ»፣ ቁጥር የማይገኝለት መስመር ነው። በመስኮቱ በኩል ስንት ሰው እንደመጣ የተመዘገበበት ቦታ የለም። ታዲያ ምን ይጻፍ? ጥያቄው ከ«ስንት» ወደ «ምን ተለወጠ» ይዞራል። እሷ ስታስታውስ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚጠይቁ ሠራተኞች አንዴ ያለ መታወቂያ፣ አንዴ ያለ ማመልከቻ እየመጡ ይመላለሱ ነበር። የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በአንድ ገጽ ጽፋ መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ወረቀቱ ከተለጠፈ ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ጊዜም ታትሞ ተተክቷል። መስመሩ እንዲህ ወጣ፦ «የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠያቂዎች እንዳይመላለሱ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር አዘጋጅቼ ለጥፌአለሁ፤ ክፍሉ ከአንድ ዓመት በላይ እየተጠቀመበት ይገኛል።» ቁጥር ባይኖርም ማስረጃ አለው፤ ነገሩ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጹ ላይ ዕቅዱና ክንውኑ «በመጠን፣ በጥራት፣ በጊዜ» ተብሎ ጎን ለጎን ይሞላል። የዜጎች ቻርተር በተለጠፈበት ቢሮም አገልግሎቱ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን መጠናቀቅ እንዳለበት ተጽፏል። ብዙ ሠራተኛ ቅጹን ፈርሞ ይረሳዋል፤ ግልባጩን ያስቀመጠ ሰው ግን የሲቪውን ጥሬ ዕቃ አግኝቷል። የተቀመጠው ጊዜ ሁለት ቀን ሆኖ እሱ በአንድ ቀን ካጠናቀቀ፣ ማነጻጸሪያው እጁ ላይ ነው።

ወደ አራተኛዋ መስመር እንመለስ። «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» ስትጠፋ በቦታዋ ምን እንደሚገባ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ኃላፊው ከመደበኛው ሥራ ውጭ ምን አዘዘኝ? ሠራተኛዋ ትንሽ አስባ ታስታውሳለች። የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በወሊድ ፈቃድ ላይ በነበረችባቸው አራት ወራት የማኔጅመንት ስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የያዘችው እሷ ነበረች። የተፈረሙት ቃለ ጉባኤዎች ሲቆጠሩ 17 ሆኑ። «ለአራት ወራት ጸሐፊዋን ተክቼ የ17 የማኔጅመንት ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቻለሁ።» ለአንድ ባንክ ቅጥር ኮሚቴ ይህ ከአራቱም መስመሮች የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪ ሠራተኛ የድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊዎች የሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ እንድትቀመጥ መታመኗን ያሳያልና። መደበኛ ባልሆነው ተራ ቁጥር ሥር ተደብቆ የነበረውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቃለ ጉባኤው ብዛት ይነገራል፤ በውስጡ የተወሰነው ግን አይነገርም። ከግል ማኅደርም እንዲሁ፤ ቁጥሩ ይቆጠራል እንጂ ቅጂው ወደ ቤት አይወሰድም።

ሌላው ስህተት በተቃራኒው በኩል ይመጣል። «ጠንካራ ግስ» የሚለውን ምክር የሰማ ጀማሪ አንዳንዴ «የመረጃ አያያዝ ስትራቴጂ ነድፌአለሁ»፣ «ክፍሉን መርቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይነድፍም፣ አያጸድቅም፣ አይመራም ማለት አይደለም፤ ግን እነዚህ ግሶች ሥልጣንን ያመለክታሉ። ሥልጣኑ የማን እንደነበር ደግሞ የሥራ ልምዱ ማስረጃ ላይ ካለው የመደብ ስም ወዲያው ይታወቃል። ሐሳቡን አቅርቦ ኃላፊው ካጸደቀው፣ «ሐሳብ አቅርቤ አስፈቅጃለሁ» የሚለው እውነትም ነው፣ ደካማም አይደለም። በሌላው ጫፍ ያሉት «አግዣለሁ» እና «ተሳትፌአለሁ» ደግሞ ከትሕትና የሚመጡ ናቸው፤ አንባቢው ግን ሰውየው ዳር ቆሞ ሲያይ እንደነበር አድርጎ ይወስዳቸዋል። የሠራው ክፍል ምን እንደነበር ለይቶ ቢጽፍ፣ «አግዣለሁ» የሚለው ቃል ራሱ አያስፈልገውም።

መስመሮቹ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ «ሜርጅድ» መጀመሪያ፣ 46ቱ ቀጥሎ፣ እንዴት እንደተለዩ መጨረሻ። ለተጠናቀቀ ሥራ ኃላፊ ጊዜ፣ አሁንም በየቀኑ ለምትሠራው የአሁን ጊዜ ትጠቀማለች። ከግሱ በላይ ብዙዎችን የሚጥለው ግን ዓመቱ ነው። «በ2016 በጀት ዓመት» የሚለው ሳይቀየር ወደ እንግሊዝኛው ከገባ፣ የውጭ ድርጅት ውስጥ የተቀመጠ አንባቢ ሥራው በእውነት ከተሠራበት ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሠራ ይመስለዋል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ከሚያሳየው የሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር አይገጥምለትም። የ2016 በጀት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 ያለው ነው፤ በእንግሊዝኛው ላይ 2023/24 ተብሎ ይገባል።

ሠራተኛዋ ሲቪዋን ከማስገባቷ በፊት አንድ ስልክ ደወለች፤ ያኔ የክፍሉ ኃላፊ ለነበሩት፣ አሁን ሌላ ቅርንጫፍ ላሉት ሰው። ምስክር አድርጋ ስማቸውን ስለጻፈች፣ ባንኩ ቢደውልላቸው የሚሰሙት እንግዳ እንዳይሆንባቸው መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ደብዳቤዎቹ ላይ «ልክ ነው» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ። ማኅደሮቹ ላይ ሲደርሱ አስቆሟት። «እሱን እኮ ያቺ ማታ ማታ የምትማረው ልጅ አብራሽ ሠርታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣችሁ።» እውነታቸውን ነበር። ስልኩን ዘግታ ኮምፒውተሩ ጋ ተመለሰችና «አዋሕጃለሁ» የምትለውን ሳትነካ፣ ከፊቷ «ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር» የሚሉ ሦስት ቃላት ጨመረች።